አሥር ዓመት ለአንድ ቦታ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የሚያውቁት ባለቤቴና ሆቴል ውስጥ አብረውኝ አልጋ የሚያነጥፉት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ቁጡ ነች ይለኛል። ስፈራ እንደምቆጣ ማንም አይጠረጥርም። ባለፉት አሥር ዓመታት ደግሞ ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር እፈራ ነበር። በሰው ቤት እንደተከራየሁ ማርጀትን።

ላሊበላ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ፍርሃት አስረዱኝ አይልም። ገና ሲቃረብ ከየአገሩ ምእመን ይጎርፋል፤ ማደሪያ ይጠባል፤ አከራይ ለአንድ ሌሊት ከእንግዳ የምታገኘው ከእኛ የወር ኪራይ ጋር ይቀራረባል። የእኛ አከራይ ክፉ ሴት አልነበረችም። ታኅሣሥ ሲጋመስ በሩ ላይ ትቆምና ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ እህቴ፣ መቸም አይከፋሽም» ትለኛለች። ይከፋኛል እንጂ። ፍራሽና ድስት ተሸክመን፣ ሕፃን ልጃችንን አዝለን ወደ እናቴ ቤት እንወርዳለን። በዓሉ ሲያልፍ ተመልሰን የራሳችን ክፍል ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች ያፈሰሱትን ሰም ከወለሉ ላይ እንፍቃለን። የመጀመሪያው ዓመት ሰሙን እየፋቅኩ ለባለቤቴ፣ «በአሥር ዓመት ውስጥ የራሳችን ቦታ ከሌለን ጥዬህ እሄዳለሁ» አልኩት። የት እንደምሄድ አልጠየቀኝም። ሣቀ።

እሱ አስጎብኚ ነው። የአስጎብኚ ገቢ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣ ሲቀር ማንጋጠጥ ነው። በደህና ቀን አንድ ፈረንጅ የሚሰጠው ጉርሻ የእኔን የወር ደመወዝ ያህል የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በሌላ ወር ግን ለሳሙና እንኳ ከእኔ ይለምናል። ደግሞም እጁ ሰፊ ነው፤ ያገኘ ቀን ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ወዳጁ ይሆናል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። የምንኖረው በእኔ ደመወዝ ነው፤ ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሁሉ ከእሱ። የእሱን ገቢ እንደሌለ እንቆጥረዋለን። ጉርሻ ያገኘ ዕለት ገንዘቡ ቤታችን ሳያድር ባንክ ይገባል። ደረሰኙን ካላየሁ እራት የለም ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን አደረግሁትም፤ ጾሙን አደረ። ከዚያ በኋላ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር ደረሰኙን የሚያወጣው።

ሌላው ዕቁብ ነበር። የሆቴሉ ሠራተኞች በየሳምንቱ የምንጥለው ዕቁብ። ሰው ሁሉ ዕጣው ቶሎ እንዲወጣለት ሲጸልይ እኔ የዕቁቡን ዳኛ፣ «የእኔን መጨረሻ አድርጉልኝ» ብዬ ለመንኩት። ቶሎ ከወጣልኝ ይበላብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ዳኛው ደስ አለው፤ እንደዚህ ያለ ሞኝ አጋጥሞት አያውቅም። ዕቁቡ ሲጀመር ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ለሁለት ክፍል የሚበቃ ቆርቆሮ ይገዛልኝ ነበር። ሁሉም በልቶ ሲያበቃ፣ ያው ቁጥሩ ያልተለወጠ ገንዘብ እጄ ሲገባ፣ ቆርቆሮው የአንድ ክፍል እንኳ አልሞላም። የነጋዴው መደብር በር ላይ ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ፍርሃቴ ራሱ እንደሚዘርፈኝ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ የዕቁብ ብር ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አልፈቅድም ነበር። የተወሰነውን ቆርቆሮ ገዝተን እናቴ ቤት ጣራ ሥር ደረደርነው። በተረፈው ብልባላ ገበያ ወርደን እናት በጎች ገዛንና እዚያው ለሚኖሩ ለባለቤቴ አጎት ሰጠናቸው፤ እሳቸው ያረባሉ፣ የሚወለደውን እኩል እንካፈላለን። በጎቹ ረቡ። እሑድ እሑድ ባለቤቴ ብልባላ ደርሶ ሲመለስ ስንት እንደወለዱ እጠይቀዋለሁ፤ የአጎቱን ጤና መጠየቅ የማስታውሰው ቆይቼ ነው። አፍርበታለሁ፤ ግን እንደዚያ ሆኜ ነበር።

ወረርሽኙ መጣና ቱሪስት ቀረ። ሆቴሉ መጀመሪያ በግማሽ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያለ ደመወዝ አሰናበተን። ወረርሽኙ ሳይወጣልን ጦርነቱ ገባ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አልጽፍም፤ ያየነውን ያየን ሰዎች ነን። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገውን ብቻ ልናገር። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። በጎቹ አለቁ፤ ማን እንደበላቸው አጎትየውን አልጠየቅናቸውም። ቆርቆሮውን እኔው ራሴ አንድ አንዱን እያወጣሁ በስንዴ ለወጥኩት። ደህና ቀን በነበረ ጊዜ ለአንድ ቆርቆሮ ስንት ቀን አልጋ እንዳነጠፍኩ እያወቅኩ፣ በአንድ ቁና ስንዴ ሰጠሁት። የተረፈን ባንክ ያለው ብቻ ነበር። እሱም የተረፈው ልናወጣው ስላልቻልን ነው። ባንኩ ሲከፈት ተሰልፌ ሒሳቤን አየሁ፤ አለ። ሳንቲም አልጎደለም። በሰልፉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሲመርቁ እኔ ደግሞ የገዛ ገንዘቤን ከራሴ የሚያድን ነገር ይኑር ብዬ ተመኘሁ።

ምኞቴን የሰሙ ይመስል ጡረታ የወጡ አንድ መምህር በዚያው ሰሞን ቤታችን መጡ። የባለቤቴ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው። ቤት የሌላቸውን የከተማውን ነዋሪዎች ሰብስበው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው። ነገሩን እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዱን። እያንዳንዱ አባል ቤት ለመሥራት ከሚያስፈልገው ወጪ ከተማው የሚወስነውን ያህል በማኅበሩ ስም ዝግ ሒሳብ ውስጥ ያስገባል። ያ ገንዘብ ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ውጭ አይነቃነቅም። ማኅበሩ ተራው ሲደርስ ከተማው ቦታ ይሰጣል፤ ቦታው በዕጣ ይከፋፈላል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ለግንባታ ይለቀቃል።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ መምህር?» አልኳቸው።

«እሱን እንኳ እኔም አላውቅ። ፋይሉ ተሟልቶ መጠበቅ ነው።»

«ቢቸግረንስ? ልናወጣው ብንፈልግ?»

«ማኅበሩን ለቀሽ ነው የምታወጪው። ለቀሽ ደግሞ ተመልሰሽ አትገቢም።»

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ይሸሻል። እኔ ግን ልቤ ረካ። ባልና ሚስት የሚመዘገቡት በአንዱ ስም ስለሆነ በባለቤቴ ስም ገባን። ሁለታችንም ግን በከተማው ውስጥ ቤትም ሆነ ቦታ እንደሌለን በፊርማችን አረጋገጥን። ሐሰት ከተገኘ በሕግ እንደምንጠየቅ ከታች ተጽፏል። አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልፈራ የፈረምኩት ወረቀት የለም። የቀበሌውም ሰው መዝገቡን አገላብጦ «ቤት የላቸውም» የሚል ማስረጃ በማኅተም ሰጠን።

ሆቴሉ ተከፍቶ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት መጠበቅ ናቸው። ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከተማው የሚጠይቀውም ጨመረ፤ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ አስገቡ ተባልን። አንዱን ከጎረቤት ሆቴል የትርፍ ሰዓት ሥራ ይዤ፣ ሌላውን የቃል ኪዳን ሐብሌን ሸጬ አስገባሁ። መሐል ላይ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ከከተማው ዳር ከአንድ ገበሬ ቦታ ገዛች። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በእጅ የተጻፈ ውል ተፈርሞ፣ በርካሽ። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ ሦስት ቀን ነዘነዘኝ። «ገበሬው የራሱ ያልሆነውን ነው የሚሸጥልህ። መጠቀም ነው እንጂ መሸጥ መብት የለውም» አልኩት፤ መምህሩ እንዳስተማሩኝ። ጓደኛዬ ቅዳሜና እሑድ አራት ግድግዳ አቆመች። በሚቀጥለው ወር ግብረ ኃይል መጥቶ አፈረሰው፤ የገዛችበት ወረቀት ለማንም የሚታይ አልነበረም። ሳጽናናት ሆዴ ውስጥ «እንኳን እኔ አልሆንኩ» የሚል ነገር ነበር። ትክክለኛውን መንገድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ስል ራሴን ከፍ አድርጌ ነው፤ የሚከተለውን ሳላውቅ።

አሥረኛው ዓመት ላይ የማኅበራችን ተራ ደረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ የአባላቱን ስም፣ ቅሬታና ጥቆማ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ብሎ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል እየዞርኩ ስሙን አያለሁ። የባለቤቴ ስም፣ ከጎኑ የእኔ። ዝናብ እንዳያጠፋው፣ ንፋስ እንዳይቀደው እፈራለሁ። አራተኛው ቀን ላይ የወረቀቱን ጥግ የነቀለ ሰው ስላለ ከሆቴል ፕላስተር አምጥቼ ለጠፍኩት። ዘበኛው «አንች ሴትዮ፣ ያንች ቤት ነው እንዴ ሰሌዳው?» አለኝ።

የቅሬታው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መምህሩ ደወሉ። ድምፃቸው ደህና አልነበረም። «ማዘጋጃ ቤት ነይ፤ ብቻሽን» አሉኝ። ብቻሽን ያሉት ለምን እንደሆነ ሳስብ፣ ባለቤቴ ሳላውቅ ሌላ ቦታ ሌላ ነገር ገዝቷል፣ ከሌላ ሴት ጋር ቤት ሠርቷል፣ ያልመጣብኝ የለም። አቀበቱን ስወጣ ልፋታው ሁሉ ወስኜ ነበር።

የመሬት ባለሙያዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ከፊቷ ኮምፒውተር አለ። መምህሩ አጠገቧ ቆመዋል። የድሮ ፋይሎችን ወደ ኮምፒውተር እያስገቡ እንደሆነ፣ የማኅበራትን አባላት ስም ከዚያ ጋር እንደሚያመሳክሩ በትሕትና ነገረችኝ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የቤት ይዞታ ካርታ ነው። የእናቴ ስም፤ ከሥሩ የእኔ ስም፣ ከነአያቴ ስም። ከስጦታ ውል ጋር የተያያዘ። ከስሜ ፊት ለፊት ፊርማዬ አለ።

«እህቴ፣ ይኼ ፊርማ ያንች አይደለም?» አለችኝ።

የእኔ ነው። ለመካድ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ የመጨረሻዋን ፊደል እንደዚያ የሚያጣምም ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

የሆነው ይህ ነው። እናቴ የኖረችው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሥር፣ ከአባቷ በወረሰችው ክብ የድንጋይ ቤት ነበር። ቅርሱ አጠገብ ያሉት ሰዎች ይነሱ ሲባል እሷም ተነሣች፤ ምትክ ቦታና ካሣ ተሰጣት፤ በዚያ ላይ ሁለት ክፍል ሠራች። እኔ የምጠላው ቤት ነው። የተገፋንበትን ቤት ስለሚያስታውሰኝ ይሁን፣ ወይም በየገናው ፍራሽ ተሸክሜ ስለምገባበት አላውቅም። የዚህ ቤት ካርታ ሲወጣ፣ ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ማለት ነው፣ እናቴ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ነይልኝ ብላ ላከችብኝ። ከሆቴል የምሳ እረፍቴን ይዤ እየሮጥኩ ደረስኩ። ወረቀት ተከምሯል። እሷ ጣቷን ቀለም እየነከረች ታትማለች፤ እኔን እዚህ ፈርሚ፣ እዚህ ፈርሚ ይሉኛል። ምስክርነት መስሎኝ ነው። አላነበብኩም፤ የሃያ አራት ክፍል አልጋ ይጠብቀኝ ነበር። «በይ ደህና ሆነ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ተመልሼ ሮጥኩ።

እና ስምንት ዓመት ሙሉ በከተማው መዝገብ ውስጥ ባለቤት ነበርኩ። ኪራይ የከፈልኩባቸው፣ ሰም የፋቅኩባቸው፣ ባሌን ጾሙን ያሳደርኩባቸው ዓመታት ሁሉ።

ባለሙያዋን፣ «እናቴ ስሜን ታውጣው። እኔም ድርሻዬን ልመልስላት። ዛሬውኑ» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። «መመሪያው አይፈቅድም። ቤት የነበረው ሰው በሽያጭም በስጦታም ቢያስተላልፍ ያው ነው፤ እንዳለው ነው የሚቆጠር። ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ናችሁ።»

መምህሩ ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጡ። ሆን ብዬ እንዳልዋሸሁ እንደሚያውቁ፣ ለማኅበሩ ኮሚቴም እንደሚመሰክሩልኝ ነገሩኝ። ግን በሁለት ቀን ውስጥ እኛው በፈቃዳችን ካልወጣን ማዘጋጃ ቤቱ ማኅበሩን በሙሉ ሊያዘገየው ይችላል። የሌሎቹ አባላት ዓይን ታየኝ። አንዷ አራት ልጅ ይዛ ወጥ ቤት ውስጥ የምታድር ናት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የፈረምኩት ማረጋገጫ፣ «በሕግ እንጠየቃለን» የሚለው፣ ፊደል በፊደል ወደ አእምሮዬ ተመለሰ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቴ ወረድኩ። ልጮኽባት ነበር የሄድኩት። ግቢዋ ውስጥ ጌሾ እያሰጣች አገኘኋት። ሰላም ሳልላት፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ምኑን አላለችም። ወዲያው ገባት።

«ወንድሞችሽ እኔ ስሞት ይሸጡታል ብየ ነው። ወንድ ልጅ የትም ያድራል። አንች ነሽ የምትቸገሪ።»

«እሱን አይደለም። ለምን ደበቅሽኝ? ስምንት ዓመት እኮ ነው!»

ጌሾውን ማሰጣቱን ተወች። «ብታውቂ መሞቴን የምትጠብቂ እየመሰለሽ ትሳቀቂያለሽ። እኔም ምግብ ባቀረብሽልኝ ቁጥር ለቤቱ ነው እያልሁ እጠረጥርሻለሁ። ልጀ፣ በደህና እንድንኖር ብየ ነው።» ቀና ብላ፣ «ምነው፣ አጠፋሁ?» አለችኝ።

ልነግራት ይገባኝ ነበር። ዓይኗ ውስጥ እንደዚያ ያለ ስጋት አይቼ አላውቅም። «የለም» አልኩና ጌሾውን አብሬያት ማስጣት ጀመርኩ። ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም፤ ፍርሃቱ ግን ባለበት ነበር።

ባለቤቴ ማታውን ሲሰማ አልተበሳጨም። ያስፈራኝም ይኸው ነው። «መፍትሔ አለው» አለ። ሌሎች እንዳደረጉት። የወረቀት ፍቺ። በስምምነት ተፋተናል ብለን ለፍርድ ቤት እናመለክታለን፤ እስኪጸድቅ ማመልከቻውን ለማዘጋጃ ቤቱ እናሳያለን፤ አባሉ እሱ ስለሆነ እሱ ብቻውን ቤት የሌለው ሰው ይሆናል፤ ቦታውን ሲረከብ ተመልሰን እንጋባለን። «እኛ የተጋባነው በቁርባን ነው፤ እግዜር ፊት የሚፈርስ ነገር የለም። ወረቀት ነው» አለ። የሚያውቃቸውን ሰዎች ስም እየጠራ ቆጠረልኝ። እኔ ደግሞ ከእነሱ ውስጥ ተመልሰው ያልተጋቡትን ቆጠርኩ። አልነገርኩትም። ሁለት ቀን ነው ያለን፤ አሥር ዓመት ደግሞ አሥር ዓመት ነው። እሺ አልኩ።

በማግሥቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ፊት ተቀመጥን። ብዙ እንዲህ ዓይነት እንዳዩ ያስታውቃሉ፤ ፊታችንን ቀና ብለው አላዩም። ስም ጠየቁ፣ ዕድሜ ጠየቁ፣ የጋብቻ ዘመን ጠየቁ፣ የልጅ ቁጥር ጠየቁ። ልጁ ከማን ጋር ይሆናል ሲሉ ባለቤቴ «ከእሷ» አለ። ቶሎ ነው ያለው። ከዚያ፣ «የጋራ ንብረት?» አሉ።

«የለንም» አለ ባለቤቴ።

ክፉ አስቦ እንዳልተናገረው አውቃለሁ። ንብረት ካለ ክፍፍል ይመጣል፣ ነገሩ ይጓተታል፤ ለዚያ ነው። ይህን አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፈው አምናለሁ። ያን ሰዓት ግን ቃሉን ሰማሁት። ዕቁቡ፣ በጎቹ፣ ስንዴ የሆነው ቆርቆሮ፣ ሐብሌ፣ ዝግ ሒሳቡ። የለንም። አዛውንቱም «የጋራ ንብረት የላቸውም» ብለው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፉት።

«ቦታው በማን ስም ይወጣል?» አልኩት።

«በስሜ ነዋ። ሌላ ምን አማራጭ አለ?»

«ብትሞትስ? ብትለወጥስ?»

«አታምኚኝም?»

አምነዋለሁ። ግን አሥር ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ለማመን ሳይሆን ላለመፍራት ነበር፤ ፈርሜ ብነሣ ደግሞ እስከ ሞቴ የምፈራው ባሌን ሊሆን ነው። በየምሽቱ ሲዘገይ፣ ስልኩ ሲጠራ፣ ልንጋባ ስንል ቀን ሲያራዝም። የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ ከዚያ የባሰ ልከራይ መሆኔ ታየኝ። ይህንኑ ነገርኩት፤ አዛውንቱ እየሰሙ። ባለቤቴ የጽሕፈቱን ዋጋ አውጥቶ ከፈለና ወረቀቱን ራሱ ቀደደው። አኩርፎኝ ነበር፤ አልደበቀም። እኔም ላጽናናው አልሞከርኩም። አቀበቱን ተራርቀን ወጣን።

ማዘጋጃ ቤት ስንደርስ ሊዘጉ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ባለሙያዋ ከማኅበር በፈቃድ የመልቀቂያ ቅጽ ሰጠችን። ቅጹ ሲጸድቅ ማኅበሩ ለባንኩ ይጽፋል፤ ገንዘባችን ከነወለዱ ይመለሳል። ወለዱ ስንት ሲሚንቶ እንደሚገዛ በልቤ አስልቼ ተውኩት፤ የሚያሳፍር ነው። በእኛ ፋንታ ከተጠባባቂዎች አንዱ ይገባል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ባውቅ እጠላዋለሁ ብዬ። በእናቴ ግቢ ከጎኗ ሁለት ክፍል ለመጨመር ምን እንደሚያስፈልግ ስጠይቃት ግን ወጣቷ ፊቷ ፈካ አለ፦ ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሁለት ባለይዞታዎች ፊርማ። «አንደኛዋ አንች ነሽ» አለችኝ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት፣ ምን እንዳሳጣችን ሳታውቅ እንዴት እንደማስፈርማት ማሰብ ጀመርኩ። ይህም አዲስ ፍርሃት ነው።

ባለቤቴ አባሉ እሱ ስለሆነ ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ። ከታች «የለቀቁበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ቅጹን ወደ እኔ ገፋው።

«አንች ጻፊው» አለኝ።

ተቀበልኩት። ባለሙያዋ ትጠብቃለች፤ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሟል። አሥር ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ለመናገር የጓጓሁትን ቃል፣ በማልፈልገው ቀን፣ በማልፈልገው ወረቀት ላይ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩት። «ቤት ስላለን።»